የእርጅና ቅናሽ በግብር ስሌት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማሽን ከገዛሁ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ከምከፍለው ግብር ላይ ይነሳልኛል።»

የእርጅና ቅናሽ ማለት ለሥራ የተገዛ ንብረት ዋጋ በየዓመቱ በከፊል እንደ ወጪ ሲቀነስ ነው። የሚነሳው ከትርፉ ላይ ነው፤ ግብሩ የሚሰላው ከዚያ በኋላ በቀረው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዱቄት የሚፈጭ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። ማኅበሩ በ1,000,000 ብር የተገዛ መፍጫ ማሽን ሐምሌ 1 ቀን ሥራ ላይ አዋለ፤ ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለው ትርፉም በየዓመቱ 700,000 ብር ነው። በገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት እንዲህ ያለው ማሽን በቀጥተኛው ዘዴ፣ ማለትም በየዓመቱ ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ እኩል በመቀነስ፣ በዓመት 15 በመቶ ስለሚቀነስለት፣ ከትርፉ ላይ 150,000 ብር ይነሳና ግብር የሚከፈልበት ትርፍ 550,000 ብር ይሆናል። የማኅበሩ የግብር ተመን 30 በመቶ ስለሆነ ግብሩ 165,000 ብር ነው። ቅናሹ ባይኖር ኖሮ 210,000 ብር ይከፈል ነበር። ስለዚህ የ150,000 ብሩ ቅናሽ ለባለቤቶቹ ያተረፈላቸው 45,000 ብር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነገር ባይታለፍ ይሻላል። የማሽኑ ዋጋ ሲባል የሻጩ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጫነበት ኪራይና የተከላው ወጪ አብረው ይደመራሉ። ተመላሽ ወይም ማካካሻ ተደርጎ የተያዘ ተጨማሪ እሴት ታክስ ግን አይደመርም። በሽያጭ መጠን ላይ ብቻ ግብር የሚከፍል አነስተኛ ነጋዴ ደግሞ ወጪ ስለማይቀንስ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይመለከተውም።

«እየቀነሰ የሚሄደው ዘዴ ሁልጊዜ ግብር ያሳንሳል።»

በተቀነሰው ድምር ቀጥተኛውን ለሦስት ዓመት ብቻ ነው የሚቀድመው፤ ያውም በሦስተኛው ዓመት ላይ ሆኖ ሲታይ ቀዳሚነቱ መመለስ ጀምሯል። ለዚሁ ማሽን የተፈቀደው የዚህ ዘዴ ተመን 20 በመቶ ሲሆን፣ የሚታሰበውም ከመጀመሪያው ዋጋ ሳይሆን በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ካልተቀነሰው የመዝገብ ዋጋ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 200,000 ብር ይቀነሳል፤ 800,000 ይቀራል። በሁለተኛው የ800,000 ብሩ 20 በመቶ፣ ማለትም 160,000፤ በሦስተኛው 128,000፤ በአራተኛው 102,400 ብር ይቀነሳል። ቀጥተኛው ዘዴ ግን በየዓመቱ ከ150,000 ብር ንቅንቅ ሳይል ስድስት ዓመት ይሄድና በሰባተኛው የቀረውን 100,000 ብር ቀንሶ ይጨርሳል።

ይህ ወደ ግብር ሲመነዘር፣ እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ የመጀመሪያው ዓመት ግብር የሚከፈልበት ትርፍ 500,000 ብር፣ ግብሩ 150,000 ብር ይሆናል። ይህም ቀጥተኛው ዘዴ ቢመረጥ ከሚከፈለው በ15,000 ብር ያነሰ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግብሩ 162,000 ብር ስለሚሆን ልዩነቱ ወደ 3,000 ብር ይወርዳል። በሦስተኛው ዓመት ግብሩ 171,600 ብር ደርሶ ከቀጥተኛው በ6,600 ብር ይበልጣል። በአራተኛው ዓመት 179,280 ብር ነው። የአራቱ ዓመት ግብር ሲደመር፣ መጀመሪያ ላይ ያነሰ ከፍሎ የነበረው ሰው አሁን በ2,880 ብር የበለጠ ከፍሏል። እስከዚያው የተቀነሱለት 590,400 ብር ሲሆኑ ለሌላኛው 600,000 ብር ተቀንሰውለታልና። ሰባተኛው ዓመት ሲያልቅ ቀጥተኛው ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ጨርሶ ሲገኝ፣ በሌላኛው መዝገብ ላይ ገና ያልተቀነሰ 209,715 ብር ተቀምጧል። በእርግጥ ከስምንተኛው ዓመት ጀምሮ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቀጥተኛው የሚቀንሰው ስለሌለው 210,000 ብር ሲከፍል፣ ሌላኛው ከቀረው ላይ 41,943 ብር ቀንሶ 197,417 ብር ይከፍላል። የቀረውን ቅናሽ ማግኘቱ አይቀርም፤ የሚያገኘው ግን ገንዘቡ በረከሰበት ጊዜ ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት የተመኖቹ ቅርበት ነው። በሂሳብ ትምህርት ላይ የለመድነው ምሳሌ እየቀነሰ የሚሄደውን ተመን የቀጥተኛው እጥፍ ያደርገዋል፤ በዚያ ምሳሌ ላይ ቅድሚያው ረጅም ጊዜ ይቆያል። በእኛ ደንብ ግን 15 እና 20 ናቸው፤ ለኮምፒውተር፣ ለሶፍትዌርና ለመረጃ ማከማቻ መሣሪያ ደግሞ 20 እና 25። ለኮምፒውተሩ ነገሩ ይበልጥ አጭር ነው፦ በ100,000 ብር ለተገዛ ኮምፒውተር በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ቀጥተኛው 60,000 ብር ሲቀንስ እየቀነሰ የሚሄደው 57,813 ብር ገደማ ላይ ነው። ደብረ ሲና ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኮፒ ሥራ የሚሠራ ሰው በዚህ ዘዴ የሚቀድመው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው።

«ዛሬ የተረፈ ብር ከነገው ብር ይበልጣልና፣ ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ቶሎ የሚቀንሰውን መምረጥ ያዋጣል» የሚለው ክርክር በመርሁ ልክ ነው፤ ነገር ግን በስሌት መፈተን አለበት። ወደፊት የሚገኙትን ቅናሾች በሙሉ በዓመት 15 በመቶ እየቀነስን ወደ ዛሬ ዋጋ ብንመልሳቸው፣ የቀጥተኛው ዘዴ ቅናሽ ወደ 605,000 ብር፣ የሌላኛው ማሽኑ ማለቂያ በሌለው ዕድሜ ቢያገለግል እንኳ ወደ 571,000 ብር ይሆናል። በ30 በመቶ ግብር ሲሰላ በቀጥተኛው በኩል ያለው ብልጫ 10,000 ብር ገደማ ነው። እየቀነሰ የሚሄደው የሚበልጠው ወደ ዛሬ ዋጋ ለመመለስ የምንቀንስበት መጠን ከ15 በመቶ ወጥቶ በዓመት 40 በመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እኔ እንደምመክረው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የባንክ ዕዳ አንገቱን ለያዘው ድርጅት እየቀነሰ የሚሄደው ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ማሽኑን ለረጅም ጊዜ ለሚይዝና ዕዳ ለማያስጨንቀው ግን ቀጥተኛው ይሻላል። ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ግብሩ እንደ ትርፉ መጠን በየደረጃው ከፍ ስለሚል፣ ትልቁ ቅናሽ ትርፉ ከፍ ባለበት ዓመት ላይ ቢውል ይጠቅመዋል፤ ትርፉ ገና ዝቅ ባለበት ዓመት ላይ የዋለ ትልቅ ቅናሽ በዝቅተኛው ተመን ይበላል።

«በየዓመቱ 20 በመቶ ማለት በአምስት ዓመት ያልቃል ማለት ነው።»

ይህ ብዙ የማያቸው መዝገቦች ላይ ያለ ስሕተት ነው። የሂሳብ ሠራተኛው ሃያ በመቶውን ካየ በኋላ በየዓመቱ ከመጀመሪያው 1,000,000 ብር ላይ 200,000 ብር ይቀንሳል፤ በአምስተኛው ዓመትም ማሽኑ ዜሮ ይገባል። እንዲህ ሲደረግ የሁለቱ ዘዴዎች ተመንና መነሻ ተደባልቀዋል፦ ተመኑ የአንዱ፣ መነሻው የሌላው። በሁለተኛው ዓመት መቀነስ የሚገባው 160,000 ብር ሆኖ ሳለ 200,000 ስለተቀነሰ፣ 40,000 ብር ትርፍ ሳይታወጅ ቀርቷል፤ 12,000 ብር ግብርም እንዲሁ። ኦዲት ሲመጣ ይህ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይጠየቃል። ስሕተቱ በራስ መዝገብ ላይ በቀላሉ ይለያል፦ እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ የሚያዝ የንብረት ገጽ ላይ የዓመቱ ቅናሽ ከአምናው ጋር እኩል ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም የመዝገቡ ዋጋ በአምስተኛው ዓመት ዜሮ ካለ፣ ስሌቱ ተበላሽቷል። በትክክል ከተሠራ ከአምስት ዓመት በኋላ 327,680 ብር መቅረት አለበት።

«ማሽኑን ቶሎ ብሸጠው ብዙ የቀነስኩት ለእኔ ይቀርልኛል።»

አይቀርም። የሽያጩ ዋጋ ከመዝገብ ዋጋው ከበለጠ ብልጫው በዚያ ዓመት የንግድ ሥራ ገቢ ላይ ይደመራል፤ ካነሰ ጉድለቱ ይቀነሳል። የደብረ ብርሃኑ ማኅበር ከሦስት ዓመት በኋላ ማሽኑን በ600,000 ብር ቢሸጥ፣ በቀጥተኛው ዘዴ የመዝገቡ ዋጋ 550,000 ብር ስለሆነ 50,000 ብር ወደ ገቢ ይገባል። እየቀነሰ በሚሄደው የመዝገቡ ዋጋ 512,000 ብር ስለሆነ የሚገባው 88,000 ብር ነው። በአንዱ 450,000 ተቀንሶ 50,000 ተመልሷል፤ በሌላው 488,000 ተቀንሶ 88,000 ተመልሷል፤ በሁለቱም ማሽኑ በመጨረሻ ከትርፍ ላይ የወሰደው 400,000 ብር ነው። ዘዴው የሚቀይረው ግብሩ የሚከፈልበትን ዓመት እንጂ ድምሩን አይደለም። የሽያጩ ዓመት ግብር ከወትሮው ከፍ ብሎ እንደሚመጣ ሳያስብ ገንዘቡን ሌላ ማሽን ላይ ያዋለ ሰው፣ ግብር መክፈያው ሲደርስ ብር ሲፈልግ ይገኛል።

«ዘንድሮ ስለከሰርኩ ቅናሹን ለከርሞ አቆየዋለሁ።»

የየዓመቱ ቅናሽ የዚያው ዓመት ነው፤ በፈቃድ የሚከማች ነገር አይደለም። በኪሳራ ዓመት ሲመዘገብ ኪሳራውን ያሳድገዋል፤ ኪሳራውም ወደፊት የሚሸጋገረው በሕጉ በተወሰነ ዓመትና ሁኔታ ውስጥ ብቻ ነው። ሥራ ሲጀመር ገበያ በቶሎ እንደማይገኝ የሚያውቅ ሰው ትልቁን ቅናሽ ሆን ብሎ በእነዚያ ደካማ ዓመታት ላይ የሚከምረውን ዘዴ ሲመርጥ፣ ቅናሹ ጊዜ አልፎበት እንዳይቀር ይህን አስቀድሞ ያስላ። አዲስ ወፍጮ ለሚከፍት ሰው ቀጥተኛውን ደጋግሜ የምጠቁመው በዚህም ምክንያት ነው።

«ሆቴሌ ሸዋ ሮቢት ላይ ነው፤ ሕንፃውንም እየቀነሰ በሚሄደው ላድርገው።»

ለሕንፃ ምርጫ የለም፤ ቀጥተኛው ብቻ ነው፤ በዓመት 5 በመቶ። ሕንፃው 4,000,000 ብር ከወጣበት በየዓመቱ 200,000 ብር ይቀነሳል። የሆቴሉ ማቀዝቀዣ፣ አልጋና የወጥ ቤት ዕቃ ግን ከሕንፃው ተለይተው በየራሳቸው ተመን ይያዛሉ። ሁሉንም በአንድ «ሕንፃና ዕቃ» በሚል መስመር ጠቅልሎ በ5 በመቶ የሚቀንስ ባለሆቴል ያለ አግባብ የበለጠ ግብር ይከፍላል።

«ሰኔ ላይ ብገዛውም የሙሉ ዓመት ቅናሽ አለኝ።»

ቅናሹ የሚታሰበው ንብረቱ ለሥራ በዋለበት ጊዜ ልክ ነው። የግብር ዓመታቸው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ለሆነ ድርጅቶች፣ ሚያዝያ 1 ቀን ሥራ የጀመረ የ1,000,000 ብር ማሽን በዚያ ዓመት የሚያገኘው የሦስት ወሩን ድርሻ፣ ማለትም በቀጥተኛው 37,500 ብር ገደማ፣ እየቀነሰ በሚሄደው ደግሞ 50,000 ብር ገደማ ነው። በሁለተኛው ዘዴ የሚቀጥለው ዓመት ስሌት ከ950,000 ብር ላይ ይነሳና 190,000 ብር ይቀነሳል። «ሰኔ ሳያልቅ ግዛና ግብርህን አሳንስ» የሚለው የገበያ ምክር የሚያስገኘው የአንድ ወር ድርሻ ብቻ ነው፦ በቀጥተኛው 12,500 ብር ተቀንሶ 3,750 ብር ግብር ይተርፋል።