ዲፈርመንት ምንድን ነው? የአሜሪካ ብድር በብር ደሞዝ ሲከፈል

የካ አባዶ እኛ ብሎክ ውስጥ አንዲት ወጣት አለች። ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅም እዚያው የጨረሰች ናት። አያቷን ለመጦር ብላ መጣች። አሁን ሰሚት አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ በወር 32 ሺህ ብር ይከፈላታል። ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጥታ "ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ" ብላ ስልኳን አቀበለችኝ። ከተመረቀች ስድስት ወር ሊሞላት ነው፤ የተማሪ ብድሯ መከፈል የሚጀምርበት ቀን ደርሷል። ኢሜይሉ በወር 286 ዶላር ይላል።

"ዲፈርመንት ልጠይቅና ልረፍ?" አለችኝ። አሜሪካ ሳለሁ ለዓመታት የሠራሁት በአንድ ኮሌጅ የተማሪዎች ብድር ክፍል ነው። ይህን ጥያቄ ስንት ልጅ እንደጠየቀኝ አልቆጥረውም። ከባህር ማዶ ብድር ይዘው የተመለሱ ሌሎችም ስላሉ፣ ለእሷ የነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ዲፈርመንት ማለት በሕግ የተፈቀደ የክፍያ እፎይታ ነው። ብድሩ አይሰረዝም፣ አይቀነስም። ለጊዜው "አትክፈይ" ትባያለሽ፤ ባለመክፈልሽም ስምሽ አይጠፋም። ለእሷ የሚሆነው የኢኮኖሚ ችግር ዲፈርመንት የሚባለው ነው። በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት እየሠራች ገቢዋ ከአሜሪካ የድህነት ወለል አንድ ተኩል እጥፍ ካልበለጠ ይፈቀድላታል። በ2025 መለኪያ ይህ ለአንድ ሰው በዓመት 23,475 ዶላር ነው። 32 ሺህ ብር በወር የትም አይደርስም፤ ስለዚህ ታገኛለች። በየዓመቱ እየታደሰ፣ ተደምሮ ግን ከሦስት ዓመት አያልፍም።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ ወለዱ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ጋ ነው።

የመንግሥት ብድር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰብሲዳይዝድ ይባላል፤ በዲፈርመንት ጊዜ ወለዱን መንግሥት ይሸፍናል። ሌላው አንሰብሲዳይዝድ ነው፤ እሱ አንቺ ብትተኚም አይተኛም፣ ወለዱ በየቀኑ ይቆጥራል። የልጅቷ ጠቅላላ ብድር 27,000 ዶላር ነው። ከፍተን ስናይ 19,000ው ሰብሲዳይዝድ፣ 8,000ው አንሰብሲዳይዝድ ሆኖ ተገኘ። ወለዱን ለስሌት እንዲቀል 5 በመቶ አደረግነው። 8,000ው በዓመት 400 ዶላር ይወልዳል፤ በሦስት ዓመት 1,200። ዲፈርመንቱ ሲያልቅ ይህ ያልተከፈለ ወለድ ከዋናው ብድር ጋር ይዳበላል። ከዚያ በኋላ ወለድ ራሱ ወለድ ይወልዳል።

ዲፈርመንትን ከፎርቤራንስ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ደግሞ የባሰ ስህተት ነው። ፎርቤራንስም ክፍያ ያቆማል። ነገር ግን በእሱ ጊዜ ሁለቱም ብድሮች ይወልዳሉ፤ በእሷ ሂሳብ በዓመት 1,350 ዶላር መሆኑ ነው። ብድሩን ወደሚያስተዳድረው ድርጅት ደውለሽ "አሁን መክፈል አልችልም" ብቻ ካልሽ፣ ስልኩን ያነሳው ሰው ፎርቤራንስ ውስጥ ሊያስገባሽ ይችላል። ወረቀት አያበዛም፣ በደቂቃ ያልቃል። አንቺም አመስግነሽ ትዘጊያለሽ። እኔ ጋ ከዓመት በኋላ ሂሳባቸው አብጦ የመጡ ልጆች አብዛኞቹ ያለፉት በዚህ በር ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ከብድሩ አጠገብ `Deferment` ነው ወይስ `Forbearance` የሚለው? ዛሬውኑ ገብተሽ እዪ።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ለእሷ የመከርኳት እሱን ነው። `IBR` ይባላል፤ ክፍያው በገቢ ይሰላል። ከ2014 ሐምሌ ወዲህ (በፈረንጆቹ) መበደር ለጀመረ ሰው፣ ከዚያው ከድህነት ወለል አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ካለው ገቢ 10 በመቶው ነው የሚከፈለው። ገቢዋ ከዚያ በታች ስለሆነ የወር ክፍያዋ ዜሮ ዶላር ይሆናል። ዜሮው ግን እንደ ክፍያ ይቆጠራል፤ ቀሪው ዕዳ ከሚሰረዝበት 20 ዓመት ላይ በየወሩ ይቀነስላታል።

"ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በሁለቱም አልከፍልም" አለችኝ። ልክ ናት፣ መጀመሪያ ላይ አይታይም። በ`IBR` የመጀመሪያ ሦስት ተከታታይ ዓመታትም የሰብሲዳይዝዱን ያልተከፈለ ወለድ መንግሥት ይሸፍናል። በ8,000ው ላይ ያው 400 ዶላር በዓመት ይጠራቀማል፤ ግን እቅዱ ውስጥ እስካለች ድረስ ከዋናው ጋር አይዳበልም። ትልቁ ነገር ደግሞ የዲፈርመንቱ ሦስት ዓመት ሳይነካ መቀመጡ ነው። የ`IBR`ው ሦስት ዓመት ሲያልቅ አሁንም ደሞዟ ትንሽ ከሆነ፣ ያኔ ዲፈርመንቱን ታወጣዋለች። ሁለቱ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ 19,000ው እስከ ስድስት ዓመት ሳይወልድባት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ዲፈርመንቱን ቀድማ ብትጨርስ ግን ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር ከእጇ ይወጣል።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ማድረግ የራሱ ጣጣ አለው። `IBR` በየዓመቱ ይታደሳል፤ ገቢዋን ለማሳየት የተለመደው መንገድ የአሜሪካ የግብር ሰነድ ነው። ስለዚህ እዚህ ብትሆንም ግብሯን በየዓመቱ ብታሳውቅ ይሻላታል። ማደሻው ቀን ካለፈባት ሂሳቡ በገቢ መሰላቱ ይቀርና በወር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይመጣባታል። ማመልከቻው እስኪጸድቅም የድሮው ሂሳብ ይቀጥላል። ካልከፈለች ከ90 ቀን በኋላ የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግበው ክሬዲት ቢሮ ይነገራል፤ 270 ቀን ሲሞላ ብድሩ ዲፎልት ውስጥ ይገባል፣ ማለትም ውሉ እንደፈረሰ ይቆጠራል። ዲፎልት ውስጥ ከገባች ደግሞ ዲፈርመንት አይጠየቅም።

እኛ ያን ቀን የተጣበቅነው ግን ከዚህም ቀድሞ ነበር። የመንግሥቱ የተማሪ ብድር ድረ ገጽ `StudentAid.gov` ሊያስገባን ኮድ ላከ፤ ኮዱ የሄደው ከመምጣቷ በፊት ወዳዘጋችው የሜሪላንድ ስልክ ቁጥር ነው። ሰዓቱ እያለፈ ሦስት ጊዜ ሞከርን። በመጨረሻ ኮዱን በኢሜይል አስመጣንና ገባን። ከሀገር ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ ቁጥሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ኮድ በስልክ መተግበሪያ እንዲመጣ አድርጋችሁ አስተካክሉት። የፖስታ አድራሻውንም እንደዚሁ፤ የእሷ ደብዳቤ ሁሉ የሚደርሰው ታላቅ ወንድሟ ጋ ነበር፣ እሱም ሳይከፍት ይከምረዋል።

አንድ ማሳሰቢያ። ይህ ሁሉ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ብድር ነው። ከባንክ የተወሰደ የግል ብድር የሚመራው በራሱ ውል ነው። ከ2026 ሐምሌ 1 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) የሚወሰድ አዲስ ብድርም `IBR` ውስጥ አይገባም፤ በገቢ ልክፈል ካላችሁ የሚሄደው `RAP` ወደሚባለው እቅድ ነው። እዚያ ዜሮ የለም፣ ትንሹ ክፍያ በወር 10 ዶላር ነው። ስለዚህ ልጅቷ ለማስተርስ ልበደር ብላ ስታነሳው፣ መጀመሪያ የድሮው ብድሯ ምን እንደሚሆን ጠይቃ እንድታረጋግጥ ነገርኳት።

የ`IBR` ማመልከቻውን እዚያው ሶፋው ላይ ሆና ሞላች፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ለወንድሟ ደወለች። 8,000ው በወር የሚወልደው 33 ዶላር ግድም ነው። እሱን ወንድሟ ከዚያው ሊከፍልላት ተስማማ፤ እሷ ደግሞ እዚህ ለአያታቸው መድኃኒት የሚዋጣውን የእሱን ድርሻ ትሸፍናለች። ዶላር ፍለጋ መሄድ ቀረላት።