ኮል ቱ አክሽን ምንድን ነው? በተኗ አይደለችም

ሰሞኑን አንዱ "ኢሜላችሁ ላይ ኮል ቱ አክሽን አብዙበት፣ ደንበኛው የሚመቸውን ይምረጥ" እያለ ሲመክር አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ፣ ምክንያቱም እዚሁ ሀዋሳ አንድ የማውቀው ገስት ሀውስ ይሄንኑ አድርጎ ከላከ በኋላ ነው "ምን አጠፋን?" ብሎ እኔ ጋ የመጣው።

ኮል ቱ አክሽን ማለት አንባቢው ኢሜሉን እንደጨረሰ እንዲያደርግልህ የምትፈልገው ነገር ነው፣ በቃ። ኢሜሉ ላይ የምትነካዋ ሰማያዊ በተን አይደለችም፣ እሷ ማድረጊያ መንገድ ናት፣ አንዳንዴም ጭራሽ አታስፈልግም። "በአንድ ኢሜል ኮል ቱ አክሽኑ አንድ ይሁን" ሲባልም ሊንኩ አንድ ይሁን ማለት አይደለም። ያው ጥያቄ ላይም ታችም ቢደገም ችግር የለውም፣ ከታች ያለችው "ከዝርዝሩ አውጡኝ" የምትለዋም አትቆጠርም (እሷማ የግድ ትኑር)።

ለዛ መካሪ መናኸሪያ ሄደህ ረዳቶቹን ስማ እለዋለሁ። ረዳቱ "ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! አንድ ሰው የቀረው ሻሸመኔ!" ነው የሚለው። ያው ረዳት ለአንዷ መኪና "ሻሸመኔ፣ ዲላ፣ ሶዶ፣ የሚመቻችሁን!" ቢል ማን ይገባል? ሻሸመኔ የሚሄደው ሰውዬ ራሱ መኪናዋ በዲላ ዞራ ይሆን እንዴ ብሎ ሌላ ይፈልጋል። ዲላ መጥፎ ከተማ ስለሆነ አይደለም እኮ፣ ለዲላ ሌላ መኪና ስላለ ነው። "አንድ ሰው የቀረው" የምትለዋን ግን አትኮርጁ፣ መኪናው ባዶ ሆኖ እንደሚጮኽ ሁሉም ያውቃል፣ ኢሜል ላይ "ዛሬ ብቻ" ብላችሁ ነገ ስትደግሙት ግን ሰው ይታዘባል። መንገድ ላይ "ወራጅ አለ" የሚለውስ ትሉኝ ይሆናል፣ እሺ ምሳሌው እዚጋ ይብቃው።

ወደ ገስት ሀውሱ ልመለስ። አዲሱ ነገር ከኤርፖርት እንግዳ መቀበል ነው። የላኩት ኢሜል ግን ቴሌግራማችንን ተቀላቀሉ፣ ፌስቡካችንን ላይክ አድርጉ፣ ዌብሳይታችንን ጎብኙ፣ ይደውሉልን፣ የአልጋ ቅናሽ አለን ምናምን ይልና መኪናው መሀል ላይ በአንድ መስመር ተቀብሯል። ስልክማ ተደወለ፣ የአልጋ ዋጋ ለመጠየቅ። መኪና ያዘዘ የለም።

ባለቤቱን "ሰው ይሄን አንብቦ አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግልህ ምን ይሁን?" አልኩት።

"ኧረ መኪናውን ይዘዝ!"

"መኪናውን ለመላክ አንተ ምን ማወቅ አለብህ?"

"የሚያርፍበትን ቀንና ሰዓት ነዋ።"

አለቀ፣ ኮል ቱ አክሽኑ ይሄ ነው። ከዛ እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

"ከዚህ ወር ጀምሮ ከሀዋሳ ኤርፖርት እንቀበልዎታለን። ሹፌራችን ስምዎ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ መውጫው ላይ ይጠብቅዎታል።

ሂሳቡን ከአልጋው ጋር ሲወጡ ይከፍላሉ። በረራው ቢዘገይ ጭማሪ የለውም።

መኪናው እንዲጠብቅዎ ለዚህ ኢሜል መልስ ይስጡና የሚያርፉበትን ቀንና ሰዓት ትኬቱ ላይ እንዳለ ይጻፉልን።"

በተን የለችም፣ አያችሁ? "ትኬቱ ላይ እንዳለ" የምትለዋን ደግሞ በከንቱ አላስገባኋትም። ትኬት በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጻፈው፣ እንግዳው 7:30 ብሎ ቢልክና ሹፌሩ በእኛ አቆጣጠር ቢያነበው ጠዋት 1:30 ያረፈን ሰው ከሰዓት ሊቀበለው ይሄዳል። ትኬቱ ላይ እንዳለ ሲመጣ ግን መቀየሩ የኛ የቤት ስራ ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገር፣ የድሮውን ኢሜል የላኩት noreply ከሚል አድራሻ ነበር፣ እዛ ላይ "መልስ ይስጡ" ብትሉ መልሱን የሚያየው ሰው የለም። ሰው በሚከፍተው አድራሻ ላኩ፣ ከዛም ለራሳችሁ ሞክራችሁ መልሱ መግባቱን እዩ። በተን የግድ ካስፈለጋችሁም ፎቶ አታድርጓት፣ ፎቶ የሚዘጋ ኢሜል ላይ ባዶ ሳጥን ሆና ትቀራለች።

"ስንት ሰው ከፈተው" የሚለውን ቁጥር አይታችሁም አትፎክሩ። አፕል በፈረንጆቹ 2021 ባመጣው የፕራይቬሲ ሴቲንግ ምክንያት ብዙ አይፎን ላይ ሰውዬው ኢሜሉን ሳይነካው ራሱ እንደተከፈተ ይቆጠራል። እዚህ የሚቆጠረው ቀንና ሰዓት ጽፎ የመለሰ ሰው ነው፣ ጣት ይበቃዋል።

ባለቤቱ ሁሉም ካለቀ በኋላ "ቴሌግራማችንን ግን ከታች በትንሹ ብናስገባትስ?" አለኝ። ስም፣ ስልክና አድራሻ ያለበት መስመር ላይ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ "ተቀላቀሉን" የሚለውን ግን ለሚቀጥለው ወር ኢሜል አቆይልኝ አልኩት። ቅር ብሎታል።