ለውጭ አገር ደንበኛ የሚጻፍ ቀንና ሰዓት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቁጥር የትም አገር ቁጥር ነው፤ ቀኑን በቁጥር ከጻፍኩት ማንም ያነበዋል።»

ቁጥሮቹ አንድ ቢሆኑም የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል ከአገር አገር ይለያያል። እኛ እንደ እንግሊዝና እንደ አብዛኛው አውሮፓ ቀኑን አስቀድመን ወሩን እናስከትላለን። አሜሪካውያን ወሩን ያስቀድማሉ፤ በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ ደግሞ ዓመቱ ከፊት ይመጣል።

ይህ ልዩነት ምን እንደሚያስከትል የተማርኩት ደብረ ብርሃን ላይ ሆኜ፣ በመንዝ ባና ለሚሠሩ ሴቶች ማኅበር ደብዳቤ ስጽፍ ነው። ኒው ዮርክ ያለ አንድ ገዢ ናሙናውን በቪዲዮ ጥሪ አይቶ ለማዘዝ ፈቃደኛ በመሆኑ፣ ቀጠሮውን ለየካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት አደረግነው። ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መልሼ `04/03/2025, 9:00` ብዬ ላክሁ። በቀጠሮው ቀን ሴቶቹ ከመሐል ሜዳ ሌሊት ተነሥተው መጡ፤ ባናዎቹን በጠረጴዛው ላይ በየቀለማቸው አጥፈው ደርድረው እስኪመሽ ጠበቁ፤ የደወለ ግን አልነበረም። ሊቀመንበሯ «ልጄ፣ ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ይሆን?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልስላቸው አጣሁ። ሰውየው ሐሳቡን አልቀየረም። የጻፍኩለትን በአገሩ ልማድ ኤፕሪል 3 ብሎ አንብቦት ነበር፤ ይህም በእኛ መጋቢት 25 ነው። በትክክል ሠላሳ ቀን ተሳስተን ነበር።

ስህተቱን አደገኛ የሚያደርገው ሁለቱም ንባቦች ትርጉም የሚሰጡ መሆናቸው ነው። ቀኑ ከ12 በላይ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ `25/03/2025` ቢሆን፣ ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ አንባቢው ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ከ1 እስከ 12 ባሉት ቀኖች ግን ምንም የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ 144 ቀኖች ሲኖሩ፣ ቀኑና ወሩ እኩል የሆኑት 12ቱ ብቻ፣ ማለትም እንደ `05/05` ያሉት፣ በየትኛውም ንባብ አይለወጡም፤ የቀሩት 132 ቀኖች ሁለት ትርጉም አላቸው።

መፍትሔው የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ነው። `4 March 2025` ወይም `March 4, 2025` ቢባል ማንም አይሳሳትበትም። በሰንጠረዥ ወይም በፋይል ስም ላይ ቁጥር ብቻ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ዓመቱን ከፊት አድርጎ `2025-03-04` ብሎ መጻፍ ይሻላል። ይህ አጻጻፍ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ `ISO 8601` የሚያዝዘው ሲሆን፣ ዓመቱ ሲቀድም ወር፣ ከዚያም ቀን እንደሚከተል እንግሊዙም አሜሪካዊውም አንድ ዓይነት ግንዛቤ አለው።

«መስከረም ሴፕቴምበር ነው፤ ጥር ጃንዋሪ ነው፤ ስሙን ብቻ መተርጎም ይበቃል።»

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጉዳት ያደርሳል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የወሩ ስም በፊደል ስለተጻፈ ተቀባዩ የሚጠራጠርበት ምንም ምልክት አያገኝም። የእኛ ወር የሚጀምረው የፈረንጆቹ ወር ከገባ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ በኋላ ነው። መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 11 ሲውል፣ ጥር 1 ቀን በጃንዋሪ 9 ይውላል። ስለዚህ «ዕቃው ጥር 20 ይደርሳል» ያለ ነጋዴ `January 20` ብሎ ከጻፈ፣ በእርግጥ ሊያደርስ ካሰበው ከጃንዋሪ 28 ቀን ስምንት ቀን አስቀድሞ ቃል ገብቷል ማለት ነው። ገዢውም በቀኑ ሳያገኘው ሲቀር ዘገየ ብሎ ይወቅሰዋል።

ስምንት ቀን መጨመርም ቢሆን ለሁሉም ወር የሚሠራ ሕግ አይደለም። ልዩነቱ በየወሩ ይለዋወጣል፤ ከዚህም በላይ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው አዲስ ዓመት አንድ ቀን ይገፋል። ሁላችንም የምናውቀውን ጥምቀትን እንውሰድ፦ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በጃንዋሪ 19 ዋለ፤ የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች ግን የ2016ቱ ጥምቀት የዋለው በጃንዋሪ 20 ነው። ይህ የአንድ ቀን ግፊት ፈረንጆቹ በፌብሩዋሪ 29ኛዋን ቀን ሲጨምሩ ይስተካከላል። ስለዚህ በቃል ከማስላት በሁለቱም አቆጣጠር የታተመ የቀን መቁጠሪያ ማየት ይመረጣል።

ዓመቱም ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው። ብዙ ሰው «ሰባት ዓመት እንጨምርበታለን» ይላል፤ ይህ የሚሠራው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ፣ ማለትም ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን እስኪጀምሩ ድረስ ብቻ ነው። ከጃንዋሪ 1 በኋላ ልዩነቱ ስምንት ይሆናል፤ የጥር 2017 ዓ.ም. ቀጠሮ በ2024 ሳይሆን በ2025 ነው።

ጳጉሜን ለብቻዋ ላንሣት። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በቁጥር `03/13/2017` ተብላ ብትጻፍ፣ አሜሪካዊው ያለ ምንም ችግር ማርች 13 ቀን 2017 ብሎ ያነባታል። እውነተኛዋ ቀን ግን ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ነበረች። አሥራ ሦስተኛ ወር የሌለው ሰው 13 ቁጥርን ወር ይሆናል ብሎ አይገምትም።

«9 ሰዓት ላይ PM ከጨመርኩበት ከሰዓት በኋላ መሆኑ ይታወቃል።»

`9 PM` ብሎ የተጻፈለት ሰው የሚረዳው ከምሽቱ 3 ሰዓትን ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ፣ ፈረንጆቹ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምሩ፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ነው። በቀን ያለውን ለመመለስ ስድስት መደመር ይበቃል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 9፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ደግሞ 15 ወይም `3 PM` ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ላለው አሥራ ስምንት ይደመራል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው ግን ስድስት ይቀነሳል። እኔም በመጀመሪያው ደብዳቤዬ `9:00` ብቻ ብዬ የጻፍኩት በእኛ ቆጠራ ነበር፤ ገዢው ግን የራሱ የጠዋት 9 ሰዓት አድርጎ ይዞታል።

በ12 ሰዓት ላይ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። በልማድ `12 PM` የሚባለው ቀትር፣ ማለትም የእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን፣ `12 AM` እኩለ ሌሊት ነው፤ ይህን የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ይሳሳቱታል። አንድ ማመልከቻ «እስከ ማርች 4፣ `12 AM`» ቢል፣ ጊዜው የሚያልቀው ማርች 4 ሲጀምር ነው፤ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ። ማክሰኞን ሙሉ አለኝ ብሎ የተኛ ሰው አንድ ቀን ከእጁ ወጥቷል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ጸሐፊዎች የመጨረሻውን ሰዓት `23:59` የሚያደርጉት።

«በ24 ሰዓት አጻጻፍ ካደረግሁት ምንም ስህተት አይኖርበትም።»

`15:00` የጠዋቱንና የምሽቱን ጥርጣሬ ያስወግዳል፤ የማን አገር 15:00 እንደሆነ ግን አይናገርም። ኢትዮጵያ የአገሮች ሰዓት ከሚለካበት የጋራ መነሻ ከ`UTC` ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ይህም ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ኒው ዮርክ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ታንቀሳቅሳለች፦ በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። በክረምታቸው ከእኛ በስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ይሆናሉ። እኛ ማርች 4 ያሰብነው ከቀኑ 9 ሰዓት በኒው ዮርክ ከጠዋቱ `07:00` ነበር፤ በ2025 ሰዓታቸውን የለወጡት ማርች 9 ስለነበር፣ ያው 9 ሰዓት ኤፕሪል 3 ላይ `08:00` ይሆናል። አውሮፓውያን ደግሞ የሚለውጡት በማርች የመጨረሻው እሑድ ስለሆነ፣ በመካከል ባሉት ሳምንታት የለንደኑንና የኒው ዮርኩን ደንበኛ በአንድ ቀጠሮ የሚያገናኝ ሰው ሁለቱንም ለየብቻ ማስላት አለበት።

የሌሊት ቀጠሮ ካለ ቀኑን ጭምር መፈተሽ ያስፈልጋል። እኛ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ስንል አንዳንዱ ማክሰኞ ከመሸ በኋላ ያለውን ሌሊት ይረዳል፤ በፈረንጆቹ ግን ያ ሰዓት ረቡዕ `02:00` ነው።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክለዋል።»

ኮምፒውተሩ የሚያስተካክለው የተነገረውን ብቻ ነው። በአሜሪካ አቀማመጥ በተከፈተ ኤክሴል ላይ `04/03/2025` ብትጽፉ ሳይጠይቅ ኤፕሪል 3 ያደርገዋል፤ `25/03/2025` ብትጽፉ ግን ቀን መሆኑን ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ትቶት ወደ ግራ ይጠጋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ወደ ቀኝ፣ ከፊሉ ወደ ግራ ተጠግቶ ካያችሁ፣ ወደ ቀኝ ከተጠጉት መካከል ወሩና ቀኑ የተገለበጡ አሉና አንድ በአንድ ተመልከቷቸው።

ሌላው በእኛ አካባቢ ደጋግሜ ያየሁት፣ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳይ ሲባል ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ነው። መሣሪያው ግን ይህን የአዲስ አበባ ትክክለኛ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፤ ከእርሱ የሚላክ የቀጠሮ ግብዣም ተቀባዩ ዘንድ ከታሰበው ስድስት ሰዓት የቀደመ ቀጠሮ ሆኖ ይደርሳል። ከቀኑ 9 ሰዓትን `9:00` አድርጎ የሞላ ሰው፣ የኒው ዮርኩን ገዢ በክረምታቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ `01:00` ላይ ይቀጥረዋል። ሰዓቱን በራሱ እንዲሞላ መተውና የሐበሻውን በግድግዳ ወይም በእጅ ሰዓት መያዝ ይሻላል።

ከገዢው ጋር ይቅርታ ተጠያይቀን ሁለተኛውን ቀጠሮ ስንይዝ፣ የሳምንቱን ቀን፣ የወሩን ስምና የሁለቱንም ከተሞች ሰዓት አብሬ ጻፍሁ፤ የሳምንቱ ቀን ከቁጥሩ ጋር ካልተስማማ ተቀባዩ ወዲያው ያስተውላልና።

```
Tuesday, 8 April 2025
15:00 Addis Ababa, UTC+3
08:00 New York, UTC-4
```

ይህ በእኛ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ለሊቀመንበሯ በዚህኛው አነጋገር በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ በቀኑም ስልኩ ልክ በ9 ሰዓት ጮኸ።