የ10 ደቂቃ ማይክሮ ቲቺንግ በጥያቄ አጠያየቅ ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«በ10 ደቂቃው ውስጥ መግቢያውም፣ ገለጻውም፣ ማጠቃለያውም መካተት አለበት።»

ማይክሮ ቲቺንግ፣ ማለትም እጩ መምህራን የሚያደርጉት አጭር የማስተማር ልምምድ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የታሰበው የማስተማርን ሥራ ከፋፍሎ አንዱን ክህሎት ለብቻው ለመለማመድ ነው። ለአጠያየቅ ልምምድ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ለምሳሌ ስለ ትነት የምታስተምር እጩ መምህርት ሁለት እኩል የረጠቡ ጨርቆችን፣ አንዱን ዘርግታ ሌላውን አጣጥፋ፣ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። «የትኛው ቀድሞ ይደርቃል?» ስትል ግምት፣ «ለምን?» ስትል ምክንያት ትጠይቃለች። «የታጠፈውን ሳንዘረጋ ቶሎ ለማድረቅ ምን እናድርግ?» የሚለው ደግሞ ሐሳቡን በአዲስ ሁኔታ ላይ ያስሞክራል።

«ጥያቄ በበዛ ቁጥር ተሳትፎው ይጨምራል።»

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ የሳይንስ ክፍሎችን አጥንተው መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን መልሶቹ እንደሚረዝሙና መልስ ሳያገኙ የሚቀሩ ጥያቄዎች እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ ቅደም ተከተሉ ይጻፍ፦ ጥያቄ፣ ፋታ፣ ከዚያ ስም፤ ስም ከቀደመ ሌላው ተማሪ ማሰቡን ይተዋል። ከመልሱም በኋላ ፋታ ያስፈልጋል፤ እኛ የለመድነው «ጎበዝ፣ አጨብጭቡላት!» ውይይቱን እዚያው ይዘጋዋል።

«ተማሪ ሆነው የሚቀመጡ ጓደኞች በትክክል ሊመልሱ ይገባል።»

ሁሉም በትክክል ከመለሰ መምህርቷ ተከታይ ጥያቄ የምትለማመድበት አጋጣሚ አታገኝም። እሷ ሳታውቅ ለአንዱ «ውሃቸው እኩል ስለሆነ እኩል ይደርቃሉ» የሚል ወረቀት ይሰጠው፤ ሌላው ዝም እንዲል ይነገረው።

«መጨረሻ ላይ ‹እንዴት ነበር?› ብሎ መጠየቅ ለግብረ መልስ ይበቃል።»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመጣው መልስ «ጥሩ ነበር፣ ድምፅሽ ብቻ ትንሽ ከፍ ቢል» ነው። ጓደኛን ፊት ለፊት መተቸት ስለሚከብድ፣ ታዛቢዎች አስተያየት ሳይሆን መረጃ እንዲይዙ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ሥራ ይከፋፈልላቸው። አንዱ በስልኩ ሰዓት ፋታውን ይለካል፤ ሁለተኛው በመቀመጫ ንድፍ ላይ ዕድል ያገኙትን ምልክት ያደርጋል፤ ሦስተኛው ከእያንዳንዱ መልስ ቀጥሎ መምህርቷ የተናገረችውን ቃል በቃል ይጽፋል። ያን ጊዜ ግብረ መልሱ «በሁለተኛው ጥያቄ 1 ሰከንድ ብቻ ጠበቅሽ፤ ከሰባቱ ዕድሎች አምስቱን ለፊት ወንበር ሰጠሽ፤ ‹እኩል ይደርቃሉ› ሲልሽ ‹አይደለም፣ ሌላ?› ብለሽ አለፍሽው» የሚል ይሆናል። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማታል፤ ምክንያቱም «ታዲያ አየር የሚያገኘው የትኛው ነው?» ብላ ብትቀጥል ተማሪው ስህተቱን ራሱ ያገኘው ነበር። መረጃው ከመነበቡ በፊት ግን ቅድሚያ እሷ ትናገር፤ ከዚያም ያችኑ አንድ ጥያቄ በ3 ደቂቃ ደግማ ታስተምር። ጓደኞቿ ትነትን አስቀድመው የሚያውቁ ስለሆኑ፣ ጥያቄው ለልጆች ግልጽ መሆን አለመሆኑን የሚያሳያት እውነተኛው ክፍል ብቻ ነው።