በርቀት ግልባጭ መመዘን ምንድን ነው?

የዝናብ መለኪያ የሚነግረን ስለ ቆመበት ቦታ ብቻ ነው። በሁለት ጣቢያዎች መካከል ባለ እርሻ ላይ ምን ያህል እንደዘነበ ለማወቅ ግምት ማስላት ግድ ይላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች ቀላሉ በርቀት ግልባጭ መመዘን ሲሆን፣ በካርታ ሶፍትዌሮች ላይ `IDW` ተብሎ ይገኛል። ሐሳቡ አጭር ነው፤ የሁሉም ጣቢያ ልኬት በግምቱ ውስጥ ይገባል፣ የቅርቡ ግን የበለጠ ይከብዳል።

ለምሳሌ ሦስት ጣቢያዎች ከእርሻው በ10፣ በ20 እና በ40 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አሉ እንበል። የነሐሴ ዝናባቸው በቅደም ተከተል 300፣ 240 እና 120 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙውን ጊዜ እንደሚደረገው የእያንዳንዱ ክብደት 1 ለርቀቱ ካሬ ተካፍሎ ከተገኘ፣ የሦስቱ ክብደት 16 ለ4 ለ1 ይሆናል። እያንዳንዱን ልኬት በክብደቱ አባዝተን፣ ደምረን ለ21 ስናካፍል 280 ሚሊ ሜትር እናገኛለን። ተራ አማካይ ቢሆን 220 ነበር። በካሬው ፋንታ ርቀቱን እንዳለ ብንወስድ ደግሞ 257 ገደማ ይመጣል። ይህ ስሌት በካርታው ላይ ላለች ለእያንዳንዷ ነጥብ ሲደገም ያልተቆራረጠ የዝናብ ገጽ ይወጣል።

ካርታው ሲያምር ማመን ይቀናል። ግምቱን በዚያው በጣቢያዎቹ ልኬት መፈተን ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ዘዴው በጣቢያው ላይ ራሱን ልኬቱን ስለሚመልስ ስሕተቱ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ትክክለኛው ፈተና አንዱን ጣቢያ ደብቆ በቀሩት መገመት፣ ከዚያም ግምቱን ከተደበቀው ልኬት ጋር ማስተያየት ነው። ይህ በየተራ በሁሉም ላይ ይደረጋል። እያንዳንዱ ልዩነት በራሱ ተባዝቶ አማካያቸው ከተወሰደ በኋላ የዚያ ካሬ ሥር የስሕተቱን መጠን ይሰጣል። እኔ ግን ከዚህ ቁጥር በፊት የእያንዳንዱን ጣቢያ ልዩነት በካርታ ላይ ማየትን እመርጣለሁ፤ አንድ ቁጥር ስሕተቱ የት እንዳለ አይናገርም።

አሰላን እንውሰድ። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ አዳማና ባቱ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከ1,600 ሜትር ብዙም ሳይርቁ ይገኛሉ፤ ዝናባቸውም ከአሰላ ያንሳል። አሰላን ደብቀን በሁለቱ ብቻ ብንገምት ውጤቱ ከሁለቱ ከፍተኛውን ሊያልፍ አይችልም፤ ምክንያቱም ይህ ዘዴ ከትልቁ ልኬት በላይ፣ ከትንሹም በታች አይገምትም። የደጋ ጣቢያዎች ግምት ሁሉ ከልኬቱ ሲያንስ፣ የቆላዎቹ ሁሉ ሲበልጥ ከታየ ከስሌቱ የጠፋው ከፍታ ነው፤ በርቀቱ ላይ ያለውን እርቢ መቀያየር አያድነውም። ዝናቡን አስቀድሞ ከከፍታ ጋር አዛምዶ፣ የቀረውን ልዩነት ብቻ በዚህ ዘዴ መዘርጋት ይሻላል።

ፈተናውም ራሱ ገደብ አለው። ጣቢያዎች በአብዛኛው ከተማና መንገድ ዳር ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጭላሎ አናት ላይ መለኪያ ከሌለ የሚደበቅ ልኬት የለም፤ ስለዚህ የሚወጣው የስሕተት መጠን የተራራውን ስሕተት ጨርሶ አያካትትም።