ቁልፉ እያለ የሚገባ ሌባ፦ የጅማ ነጋዴ ድረ ገጽ ደኅንነት

ጅማ ውስጥ ቡናና ማር የሚሸጥ ድርጅት በዎርድፕረስ የተሠራ ድረ ገጽ አለው እንበል። አድራሻው በ https:// ይጀምራል፤ ግንኙነቱ ተቆልፏል ማለት ነው። ባለቤቱም «ቁልፉ አለ፣ ምን እሆናለሁ» ብሎ ተረጋግቷል። ቁልፉ ግን የሚጠብቀው መንገዱን ነው። ደንበኛው የላከው መልእክት እስኪደርስ ድረስ በመሃል እንዳይነበብ ያደርጋል። የቤቱን በር አይዘጋም። ለዚህ ቁልፍ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት በነፃ ይሰጣል፤ የአገልግሎት ጊዜው ግን አጭር ስለሆነ ራሱን እንዲያድስ መደረግ አለበት።

ሌባው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው አፕዴት ባልተደረገ ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ በሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም በኩል ነው። የሚገርመው፣ ባለቤቱ ድረ ገጹን ሲከፍት ምንም የተለወጠ ነገር ላያይ ይችላል። የተደበቀው ኮድ ሌላ ገጽ የሚያሳየው ለጎግል ብቻ ሊሆን ይችላልና። ቡና ሊገዛ የፈለገ ሰው ግን ጎግል ላይ ሲፈልግ በድርጅቱ ስም የጃፓንኛ የጫማ ማስታወቂያ ይወጣበታል። ቼክ ማድረጊያው ቀላል ነው። ጎግል ላይ ይህን መጻፍ (የራስን አድራሻ ተክቶ)፦

```
site:example.com
```

የማያውቋቸው ገጾች ከወጡ ሌባው ገብቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የአድሚኖችን ዝርዝር ማየት ነው፤ እንግዳ ስም ካለ ሌባው የራሱን ቁልፍ አስቀርጿል ማለት ነው። wp-content/uploads የፎቶ ማስቀመጫ ስለሆነ፣ እዚያ የ .php ፋይል ከተገኘም ያጠራጥራል።

አሁን ባክአፕ ይፈለጋል። ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የተቀመጠው የመጨረሻው 7 ቀን ብቻ ከሆነና ሌባው ከገባ ወር ካለፈው፣ ሁሉም ኮፒ ቀድሞ ተበክሏል። ስለዚህ ከዕለታዊው ሌላ ወርኃዊ ኮፒ ለብቻ መያዝ ይበጃል፤ ፋይሉም ዳታቤዙም። ያውም ከሰርቨሩ ውጭ፤ ሰርቨሩ ከሄደ አብሮ እንዳይሄድ። መብራት ወይም ኔትወርክ በመሃል ከተቋረጠ ዳውንሎዱ ጎደሎ ሊቀር ስለሚችል፣ አንዴ በሌላ ቦታ ከፍቶ መሞከር ግድ ነው።

ንጹሑን ኮፒ መልሶ ዝም ማለት ግን ያንኑ በር ክፍት መተው ነው። ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ፕለጊኑ አፕዴት ይደረጋል፤ ሠሪው የተወው ከሆነ ይጠፋል። ፓስወርዶች በሙሉ ይቀየራሉ፣ የዳታቤዙም ጭምር። ለአድሚን ረጅም ፓስወርድና በስልክ አፕ የሚመጣ ሁለተኛ ኮድ ይደረጋል። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ፣ የእሱም አካውንት ይዘጋል። ቅር ሊለው ይችላል፣ ግን ይዘጋ።

የትእዛዝ ፎርሙ የተለየ ጣጣ አለው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም የገዢ ጥያቄ ይበዛል፤ በስፓም መሃል ግን ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ሲባል ሰው የማያየው አንድ ባዶ መስክ ፎርሙ ውስጥ ይደበቃል። ስፓም የሚልከው ሮቦት ያገኘውን ሁሉ ስለሚሞላ ይጋለጣል፣ መልእክቱም ይጣላል። በእጁ እየጻፈ የሚልክ አጭበርባሪን ግን ይህ አያቆመውም።