ለድሬዳዋ የግንቦት ሠርግ ምን ይለበሳል?

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ግንቦት ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የሠርግ ምሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበላው ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ ፀሐይዋ በበረታችበት ሰዓት፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወርድ እንግዳ እዚያ የለመደውን ልብስ ይዞ ከመጣ ይቸገራል።

ብዙ ሴቶችን የሚያሳስተው ገበር ነው። የሽፎን የሐበሻ ቀሚስ ሲያዩት ስስና ቀላል ነው። ሽፎኑም ገበሩም ግን በአብዛኛው ፖሊስተር ስለሆነ ላብ አይመጥጥም፤ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። የጥጥ ሸማ ላብ ይመጥጣል፤ በሽመናው ክፍተትም አየር ያስገባል። ሻጩ «ጥጥ ነው» ካለና ከተጠራጠሩ፣ ከውስጥ፣ ከስፌቱ ሳይሆን ከራሱ ከጨርቁ ጠርዝ፣ አንድ ክር መዘው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ ሲቃጠል እንደ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል። ቀሚሱን የሚያሰፉ ከሆነ ገበሩ ስስ ጥጥ እንዲሆን፣ ወገቡም ላላ እንዲል ለሰፊው ይንገሩት። የድሬ ሴቶች ቤት ውስጥ የሚለብሱት ሽቲ የሚመቸው ልልና ስስ ስለሆነ ነው። ሽቲ ለሠርግ አይሆንም፤ አሰፋፉ ግን ትምህርት ይሰጣል።

ነጠላ ለፀሐይ ጥሩ መከላከያ ነው። ጭንቅላት ላይ ሲጣል ግን ጥለቱ የት እንደዋለ ማየት ያስፈልጋል። ለደስታ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ አንገትና ፊት ከዞረ የለቅሶ አለባበስ ይመስላል፤ ትልልቅ ሰዎች ወዲያው ያዩታል። ጃንጥላ መያዝ ነውር የለውም።

ወንዶች ሙሉ ልብስ ግዴታቸው አይደለም፤ እሱ ለሚዜዎችና ለቅርብ ቤተሰብ ነው። በእኔ እምነት ለተራ እንግዳ የጥጥ ወይም የሊኖ ሸሚዝ ከቀለል ያለ ሱሪ ጋር በቂ ክብር ነው። ኮት የግድ ከሆነ ገልብጠው ይዩት። ገበሩ ጀርባውን በሙሉ የሸፈነ ኮት ያፍናል፤ ትከሻው ላይ ብቻ የተገበረው ይሻላል። ግራጫና ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ የብብት ላብን ያጋልጣል፤ ነጭ ይደብቃል። ከስር ስስ የጥጥ ካናቴራ ከተለበሰ ላቡ ሸሚዙ ጋ ሳይደርስ ይመጠጣል።

ጫማ ላይ ሁለት ነገር አለ። ሹል ተረከዝ ሣርና አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሰፊ ተረከዝ ወይም ጠፍጣፋ ጫማ ይሻላል። እግር ደግሞ በሙቀት ያብጣል። ጠዋት ልክ የሆነ አዲስ ጫማ 8 ሰዓት ላይ ሊጠብ ስለሚችል፣ ሲገዙ ከሰዓት በኋላ ይለኩት።